ለ89 ቀናት ላስጠበቅናቸው ደንበኛችን፦ ይቅርታ፣ ማብራሪያና የካሳ ውሳኔ

ለተከበሩ ደንበኛችን፣

ጉዳዩ፦ በ45 ቀን ሊደርስ ውል ተገብቶለት በ134ኛው ቀን ስለተረከቡት የመመገቢያ ጠረጴዛና ስምንት ወንበሮች

ውሉን በፈረምን በ45ኛው ቀን ከቤትዎ መድረስ የነበረበት ጠረጴዛ ከወንበሮቹ ጋር የደረሰዎት በ134ኛው ቀን ነው። ስለ እነዚህ 89 ቀናት፣ ከቀናቱም ይልቅ በመካከሉ ደጋግመን ስለሰጠንዎት እውነትነት የሌለው ተስፋ፣ በድርጅቱ ስም እና ሥራውን በኃላፊነት እንደሚመራ ሰው በራሴ ስም ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ጥፋቱ የእኛ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ማብራሪያ ምን እንደሆነ እንዲያውቁት እንጂ ጥፋቱን ለማቅለል የቀረበ አይደለም።

ደብዳቤውን በግልጽ ያወጣነው በእርስዎ ፈቃድ ነው። ቢሮ በመጡ ጊዜ፣ «ለእኔ ብቻ በጆሮዬ ብትነግሩኝ፣ እናንተ ዘንድ ቀብድ ከፍሎ የሚጠብቀው ሌላው ሰው ምን ይጠቀማል?» ብለውኝ ነበር። ትክክል ነዎት። ከእርስዎ ትዕዛዝ ጋር ከአንድ የጣውላ ጭነት የተቆረጡ ሌሎች ትዕዛዞችም ነበሩ፤ ባለቤቶቹም እርስዎ የሰሙትን ዓይነት መልስ ሲሰሙ ቆይተዋል። ስምዎንና አድራሻዎን ግን እንደተስማማነው አልጠቀስንም።

በመጀመሪያ 89ኙ ቀናት የት እንደሄዱ ልናገር። ከእርስዎ በተደጋጋሚ የቀረበልን ጥያቄም ይኸው ነበር፤ እኛ ግን «በምርት ችግር ምክንያት» ከሚል ሐረግ ያለፈ መልስ ሰጥተንዎት አናውቅም። መዝገባችንን ቀን በቀን ስናየው መዘግየቱ አንድ ወጥ ሳይሆን ሦስት የተለያዩ ነገሮች የተደራረቡበት ነው፦ 38 ቀን በእንጨቱ፣ 40 ቀን በእኛ ውሳኔ፣ 11 ቀን ደግሞ በማጓጓዣው። ሦስቱን ለይቼ የማቀርበው የጥፋቱም ክብደት፣ የካሳውም መጠን ስለሚለያይ ነው።

የእንጨቱ ነገር እንዲህ ነው። ጣውላው ከአቅራቢው ሲመጣ ደርቋል የሚል ወረቀት ነበረው። የእኛ ሰዎችም በሁለት ቀጫጭን መርፌዎች እንጨቱን ወጋ አድርጎ በሚለካው የእርጥበት መለኪያ ሞክረውት 11 በመቶ አነበቡ። የእንጨት እርጥበት የሚሰላው በውስጡ ያለው ውሃ ከደረቁ እንጨት ክብደት ጋር ሲነጻጸር ስንት እንደሆነ ታይቶ ነው፤ ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 በመቶ ያለው እንጨት ይፈለጋል። ስለዚህ 11 የሚለውን ቁጥር ያየው ሠራተኛ ጣውላውን ተቀበለ። ነገር ግን አጭር መርፌ የሚያነበው ከላይ ያለውን ብቻ ነው። ለጠረጴዛው እግር የመጣው እንጨት 8 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው በመሆኑ ከላይ ደርቆ መሐሉ ገና እርጥብ ነበር።

ይህን የደረስንበት በ22ኛው ቀን ነው። አናጺው እግሩን በቁመቱ ሲሰነጥቀው ሁለቱ ግማሾች እዚያው መጋዙ ላይ እንዳሉ ወደ ጎን ተጣመሙ። እንጨት እንዲህ ሲያደርግ ውስጡና ውጪው እኩል አልደረቀም ማለት ነው። ከመሐሉ አንድ ቁራጭ ተቆርጦ ሲመዘን 236 ግራም ሆነ፤ በ103 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ደርቆ እንደገና ሲመዘን 200 ግራም። የወጣው ውሃ 36 ግራም ነውና እርጥበቱ 18 በመቶ ነበር። ከዚሁ ጭነት የተወሰደው የጠረጴዛው ገጽ ጣውላም ከዚህ ብዙ አልራቀም።

በዚህ እንጨት ሠርተን በቀኑ ብናስረክብዎት ኖሮ ጠረጴዛው በመጀመሪያ ሲያዩት ምንም አይለውም ነበር። ቤት ውስጥ ከርሞ ወደ 10 በመቶ ሲወርድ ግን 110 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ገጽ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ይጠባል፤ እንጨት በቁመቱ እምብዛም ሳይለወጥ በጎኑ ስለሚሰበሰብ፣ መሰብሰቢያ ሲያጣ ወይ በመጋጠሚያው ይላቀቃል ወይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጣውላውን ወደ ማድረቂያ ክፍል መልሰን መስደዳችን ተገቢ ነበር፤ አሁንም ቢሆን እንደዚያው እናደርጋለን። ማድረቂያው ተራ ነበረው፤ ወፍራም እንጨት ደግሞ ሙቀቱን በፍጥነት ቢጨምሩበት ውስጡ ስለሚሰነጠቅ በዝግታ ነው የሚደርቀው። ጣውላው ተመልሶ ሥራ ላይ ሊውል የቻለው በ60ኛው ቀን ነበር። 38ቱ ቀን ይህ ነው። ስህተቱ ከአቅራቢው የተነሳ ቢሆንም እንጨቱን ተቀብሎ ማጣራት የእኛ ሥራ ነበር፤ እርስዎ ውል የገቡት ከእኛ ጋር ስለሆነ ከአቅራቢው ጋር ያለን ክርክር በእርስዎ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

ከዚህ በኋላ ያለው ለመጻፍ የሚከብደኝ ክፍል ነው። በ60ኛው ቀን ጣውላው ደርቆ፣ አናጺው ዝግጁ ሆኖ፣ የቀረው የ23 ቀን ሥራ ነበር። ጀምረን ብንቀጥል በ83ኛው ቀን እናስረክብዎት ነበር። እኛ ግን የእርስዎ ትዕዛዝ እንጨት በመጠበቅ ላይ ሳለ ከአንድ ትልቅ ድርጅት የመጣ የወንበር ሥራ ተቀብለን ወርክሾፑን ለእሱ ሰጥተን ነበር፤ እንጨትዎ ሲመለስም ያንን አቋርጠን ወደ እርስዎ ሥራ መመለስ ሲገባን አልተመለስንም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያኛው ሥራ ትልቅ ነበር፣ ለሚዘገይበት ቀን ሁሉ ከባድ መቀጫ የሚጥል ውልም ነበረው። የእርስዎ ውል መቀጫው ቀላል ነው። አንድ ሰው በቤቱ የሚጠብቀውን ዕቃ፣ ሊከራከረን አቅም ያለው ሌላ ደንበኛ መጣ ብለን ወደ ኋላ ገፋነው። የደረቀው ጣውላዎ ለ40 ቀን ከግድግዳው ተደግፎ ቆመ፤ ሥራው የተጀመረውም በ100ኛው ቀን ነው። ይህን ያጸደቅሁት እኔ ነኝ።

የመጨረሻዎቹ 11 ቀናት የማጓጓዣ ናቸው። ዕቃው በ123ኛው ቀን አልቆ ታሽጎ ነበር። ሁለት ጊዜ ቀን ቀጠርንዎት፤ ሁለቱንም ጊዜ ከሥራ ቀርተው ቤት ጠበቁ፤ መኪናው አልመጣም። አንደኛው ቀን መኪናው ሌላ ጭነት ይዞ ዘግይቶ ነው፣ ሁለተኛው ቀን ደግሞ የጫኝ ሠራተኞች መርሐ ግብር ውስጥ ስምዎ ሳይገባ ቀርቶ ነው። በሁለተኛው ቀን ማታ የላኩልን አጭር መልእክት መዝገባችን ውስጥ አለ፦ «ከጠዋት ጀምሮ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። ልጆቼ ዛሬም የቤት ሥራቸውን ካርቶን ላይ ነው የሠሩት። ባትመጡ እንኳ አንመጣም ማለት እንዴት ያቅታል?» ለዚህ መልእክት የተሰጠ መልስ ፈልጌ አላገኘሁም። መልስ አልተሰጠውምና።

የነገሩ ዋና ጉዳት ያለው እዚህ ይመስለኛል። በ134ቱ ቀናት ውስጥ እርስዎ 14 ጊዜ ደውለውልናል፤ እኛ በራሳችን ተነሳስተን የደወልነው 3 ጊዜ ሲሆን፣ ከእነዚህም ሁለቱ መኪናው ሳይመጣ ለቀረባቸው ቀጠሮዎች ነበሩ። በ22ኛው ቀን፣ ማለትም የርክክቡ ቀን ሊደርስ ገና 23 ቀን ሲቀረው፣ እንደምንዘገይ በእርግጠኝነት እናውቅ ነበር። በዚያው ዕለት ብንነግርዎት ኖሮ ሦስት መንገድ ነበረዎት፦ መጠበቅ፣ ቀብድዎን ወስደው ከሌላ ቦታ መግዛት፣ ወይም ሌላ እንጨት መርጠው ቶሎ ማሠራት። በ52ኛው ቀን ሲደውሉ የሽያጭ ሠራተኛችን «በሚቀጥለው ሳምንት ይደርስዎታል» አለችዎት። በዚያ ሰዓት እንጨቱ ማድረቂያ ውስጥ ነበር፤ ሁሉም ነገር ቢሳካ እንኳ ርክክቡ አንድ ወር ይቀረው ነበር። ለምን እንዲህ እንዳለች ስጠይቃት ከምርት ክፍል ማንም ምንም እንዳልነገራት፣ በፊቷ ባለው የትዕዛዝ ቅጽ ላይም «በሥራ ላይ» ከሚለው በቀር የተጻፈ ነገር እንዳልነበረ አሳየችኝ። ስለዚህ ጥፋቱን በእሷ ላይ አላደርገውም። ቀን የሚያውቁት ሰዎች ከደንበኛ ጋር እንዳይነጋገሩ፣ ከደንበኛ የሚነጋገሩት ደግሞ ቀን እንዳያውቁ አድርጌ ሥራውን ያዋቀርኩት እኔ ነኝ።

በዚያ «በሚቀጥለው ሳምንት» ምክንያት ከሌላ ቦታ ሊገዙት የነበረውን ጠረጴዛ እንደተዉት ነግረውኛል። ቀናችንን ካሳለፍነው ይልቅ ይህ ይከብዳል። በገንዘብዎና በቤትዎ ላይ የሚወስኑት እርስዎ ሆነው ሳለ፣ የሚወስኑበትን እውነት ደብቀን እኛ ወሰንንልዎት።

አሁን ወደ ካሳው ልሂድ። በውላችን ላይ የተጻፈው ለአንድ ሳምንት መዘግየት ከጠቅላላው ዋጋ ግማሽ በመቶ፣ ቢበዛ ግን ከ5 በመቶ የማይበልጥ እንደሚከፈል ነው። በውሉ ብቻ ብንሄድ 89ኙ ቀን 13 ሳምንት ተቆጥሮ 6.5 በመቶ ይመጣል፤ ጣሪያው ደግሞ ወደ 5 ያወርደዋል። ወደዚህ ጣሪያ ተደግፈን ልናልፍ አንፈልግም። ጣሪያ የሚቀመጠው ሁለቱም ወገን ሳይፈልጉት ለሚደርስ እክል ነው፤ አንዱ ወገን አውቆ ለሚያዘገየው ሥራ መጠለያ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ ቀናቱን እንደ ምክንያታቸው ለይተን አሰላን። እንጨቱን በማድረቅ ያለፈው 38 ቀን፣ የተጀመረ ሳምንት እንደ ሙሉ ተቆጥሮ፣ 6 ሳምንት ይሆናል፤ ይህ በውሉ መሠረት በግማሽ በመቶ ሲሰላ 3 በመቶ ነው። በእኛ ውሳኔና በማጓጓዣው የጠፋው 51 ቀን በዚሁ አቆጣጠር 8 ሳምንት ነው፤ ለዚህ የውሉን አራት እጥፍ፣ በሳምንት 2 በመቶ እንከፍላለን፣ እሱም 16 በመቶ ይሆናል። በድምሩ ከከፈሉት ጠቅላላ ዋጋ 19 በመቶው ይመለስልዎታል። የማጓጓዣና የመገጣጠሚያ ክፍያውም እንዳለ ይመለሳል። ወንበሮቹ በጊዜው ሊደርሱ ይችሉ ነበር በሚል ስሌቱን በጠረጴዛው ዋጋ ላይ ብቻ እናድርገው የሚል ሐሳብ ከሒሳብ ክፍል ቀርቦ ነበር፤ ጠረጴዛ የሌለው የመመገቢያ ወንበር ለታሰበለት ነገር ስለማያገለግል አልተቀበልኩትም።

ከዚህ ሌላ በእጅዎ ያወጡት ወጪ አለ። ለቤተሰብ ዝግጅት የተከራዩትን ጠረጴዛና ወንበር ደረሰኙን አይተን ሙሉውን እንከፍላለን። መኪናው ሳይመጣ የቀረባቸውን ሁለት የሥራ ቀናትም፣ ከመሥሪያ ቤትዎ ባመጡት የደመወዝ ማስረጃ መሠረት፣ እንከፍላለን። በሦስተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ለጊዜው ብለው በገዙት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ ሙሉ በሙሉ አልተስማማንም፤ ምክንያቱም ዕቃው አሁንም በእጅዎ ሆኖ ያገለግላል። ሁለት አማራጭ እናቀርባለን፦ ዕቃውን ለእኛ ሰጥተው ሙሉ ዋጋውን ይቀበሉ፣ ወይም ዕቃውን ያስቀሩና ግማሽ ዋጋውን ይቀበሉ። ይህ ተገቢ አይደለም ካሉ ምክንያትዎን ለመስማት ዝግጁ ነን፤ የሌሎቹ ክፍያዎች ግን ይህ እስኪያልቅ አይጠብቁም።

አከፋፈሉን በተመለከተ፣ ገንዘቡ የሚገባው ቀድሞ ወደከፈሉበት የባንክ ሒሳብ ነው፤ ይህ ደብዳቤ በእጅዎ ከደረሰ በኋላ ባሉት 5 የሥራ ቀናት ውስጥ ይገባል። ለሚቀጥለው ግዢ የሚሆን ኩፖን አንሰጥዎትም። ሲያስጠብቅዎት ለኖረ ድርጅት እንደገና ደንበኛ ይሁኑ ብሎ ካሳን በዕቃ መክፈል ትክክል ሆኖ አልታየንም። ገንዘቡን መቀበልዎም ሌላ ጥያቄ የለኝም የሚል ፊርማ አይጠየቅበትም፤ በውሉም ሆነ በሕግ ያለዎት መብት እንዳለ ይቆያል።

ያልነገርንዎት እውነት ያሳጣዎትን ምርጫ ደግሞ በተቻለ መጠን ልንመልስልዎት እንሻለን። ጠረጴዛውን ቢጠቀሙበትም እንኳ፣ ከዛሬ ጀምሮ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ «አልፈልገውም» ካሉ ምክንያት ሳንጠይቅ በራሳችን መኪና እንወስዳለን፣ የከፈሉትንም ገንዘብ በሙሉ እንመልሳለን። በዚያ ጊዜ የ19 በመቶው ካሳ ከሙሉው ገንዘብ ጋር ስለሚደራረብ ለየብቻ አይከፈልም፤ የኪራዩ፣ የሥራ ቀናቱና የትንሹ ጠረጴዛ ክፍያ ግን ከዚህ ጋር ስለማይገናኝ እንዳለ ይቆያል። ይህን ምርጫ በ22ኛው ቀን ብንሰጥዎት የበለጠ ዋጋ እንደነበረው እናውቃለን።

ከዚያው ጭነት እንጨት ለተቆረጠላቸውና አሁንም በመጠበቅ ላይ ላሉ ደንበኞቻችን፦ ከምርት ክፍል ኃላፊው የተፈረመ አዲስ የርክክብ ቀን፣ የመዘግየቱ ምክንያትና ቀብድን መልሶ የመውሰጃ ቅጽ በዚህ ሳምንት ለእያንዳንዳችሁ ይደርሳችኋል። ከእንግዲህ የርክክብ ቀን የሚናገረው የሽያጭ ክፍል ግምቱን ሳይሆን የምርት ክፍል በጽሑፍ የሰጠውን ቀን ብቻ ነው፤ ቀኑ ሲለወጥ በዚያው ዕለት ለደንበኛው ይነገራል፣ የለወጠውም ምክንያት በትዕዛዝ ቅጹ ላይ ይጻፋል። ተራው የደረሰ ትዕዛዝ ለሌላ ሥራ እንዲገፋ እኔም ብሆን ያለ ባለትዕዛዙ ፈቃድ ልፈቅድ አልችልም። ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ውፍረት ያለው እንጨት ደግሞ ከመሐሉ ተቆርጦ፣ ተመዝኖና በምድጃ ደርቆ ሳይፈተሽ ተቀባይነት አያገኝም። ፈተናው አንድ ቀን ገደማ ይወስዳል፤ ያን አንድ ቀን ቆጥበን ነው 38 ቀን ያጣነው።

በመጨረሻ ስለ ጠረጴዛው ራሱ። ጎንበስ ብለው ከገጹ ሥር ቢያዩ አናጺው በእርሳስ የጻፋቸውን ሁለት ቁጥሮች ያገኛሉ፦ ገጹ በተጋጠመ ዕለት የተለካው እርጥበት፣ 9.6 በመቶ፣ እና በዚያው ዕለት የነበረው ስፋት፣ 110 ሴንቲሜትር። እንጨት እንደ አየሩ እርጥበት በጥቂት ሚሊሜትር መስፋትና መጥበቡ ጠባዩ ነው፤ ያ ጉድለት አይደለም። ነገር ግን ስፋቱ ከዚያ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ቢቀንስ፣ ወይም በመጋጠሚያው ላይ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ቢታይ፣ እንጨቱ አሁንም በሚገባ አልደረቀም ማለት ነውና ገጹን በአዲስ እንተካለን። ከፈቀዱልን ከስድስት ወር በኋላ፣ እርስዎ በመረጡት ቀንና ሰዓት፣ መለኪያውን ይዘን መጥተን በፊትዎ እንለካዋለን። ቀጠሮውን አንድ ቀን ቀድመን በስልክ እናረጋግጥልዎታለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ